የጀነራል ኖት ገጽ ስትገመግሙ አስወግዷቸው፦ የከቨር ስህተቶች

ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ የጂ+4 ሕንፃ ስትራክቸራል ድሮዊንግ እጃችሁ ገባ እንበል። ጀነራል ኖቱ ላይ ተራ ቁጥር 6 «የኮንክሪት ሽፋን 25 ሚሜ» ይላል፣ አለቀ። ከቨር የምንለው ይህንኑ ፌሮውን የሚሸፍነውን የኮንክሪት ውፍረት ነው። ፉቲንግ ዲቴይሉ ላይ ግን 50 ሚሜ ተጽፏል። ሳይት ላይ ያለው ፎርማን የቱን ይያዝ?

የመጀመሪያው ስህተት ይህን አንድ ቁጥር ለሁሉም አባል አድርጎ ማለፍ ነው። 25 ሚሜ ለደረቅ የውስጥ ስላብ ይበቃል። በኢኤስ ኢኤን 1992 የተለመደው ስሌት 15 ሚሜ ለዘላቂነት፣ 10 ሚሜ ደግሞ ለሥራ መዛነፍ ነው። ደሴ ላይ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የሚመታው፣ ልስን የሌለው የውጭ ኮለን ግን በዚያው ስሌት 30 ሲደመር 10፣ ማለትም 40 ሚሜ ይፈልጋል። ፉቲንግ ሊን ኮንክሪት ላይ ሲፈስ ቢያንስ 40፣ በቀጥታ አፈር ላይ ሲፈስ 75 ሚሜ ነው የሚመከረው። ስለዚህ ፉቲንግ፣ ግሬድ ቢም፣ ኮለን፣ ቢም፣ ስላብ እያላችሁ አንድ በአንድ ፈልጉ፤ ስሙ ያልተጠቀሰ አባል ካለ ከቨሩ አልተሰጠም ብላችሁ ቁጠሩት። ሊን ኮንክሪት ይኑር አይኑርም አብራችሁ እዩ፣ ቁጥሩን የሚቀይረው እሱ ነው።

ሁለተኛው፣ ከቨሩ እስከ የትኛው ፌሮ እንደሚለካ አለመጠየቅ። መለካት ያለበት ከኮንክሪቱ ፊት እስከ ውጨኛው ፌሮ ነው፣ ኮለንና ቢም ላይ ውጨኛው ስታፋው ነው። ኖቱ «እስከ ዋናው ፌሮ 25 ሚሜ» ካለና ስታፋው 8 ቁጥር ከሆነ ስታፋው ላይ የሚቀረው 17 ሚሜ ብቻ ነው። ዝገቱም የሚጀምረው ከስታፋው ነው።

የኮንክሪት ደረጃውንም እዩ። አንድ ቦታ ሲ-25፣ ሌላ ቦታ ሲ25/30 ተጽፎ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ አንድ ይመስላሉ ግን አይደሉም። በድሮው ኮድ በኢቢሲኤስ ሲ-25 የኪዩብ ጥንካሬ 25 ሜጋፓስካል ነው፤ የሁለተኛው የኪዩብ ጥንካሬ 30 ነው። ኪዩቡ 27 ቢሰጥ በአንዱ ኖት ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል፣ ያኔ ሳይት ላይ ጭቅጭቅ ነው።

ትልቁና ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ደግሞ ግጭቱን ካገኙ በኋላ በራስ እስክሪብቶ ማረም ነው። «ትልቁን ይዘን እንሂድ» ይባላል። 400 ሚሜ ውፍረት ያለው ፉቲንግ በ25 ሚሜ ከቨር ተሰልቶ ከሆነና እናንተ 50 ካደረጋችሁት ፌሮው 25 ሚሜ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚሠራው ጥልቀት ያን ያህል ይቀንሳል፣ ኮለኑ ፉቲንጉን እንዳይበሳው የሚከላከለው አቅምም አብሮ ይወርዳል። መልሱ ያለው ዲዛይነሩ ጋ ነው። ሁለቱን የገጽ ቁጥሮችና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉለት፣ ፉቲንጉ በስንት ከቨር እንደተሰላ ጠይቁት፣ መልሱንም ስፔሰር ከመታዘዙና ፌሮ ከመቆረጡ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።