የሕንፃው ጭነት በየት ወርዶ መሬት ይገባል? የኮንሴፕት ሪፖርቱን ክፍል እንዴት እንጽፋለን

ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ጂ+5 የኮንክሪት ሕንፃ ታስቧል እንበል። ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር። ኮለኖቹ በርዝመቱ በ6፣ በወርዱ በ5 ሜትር ይራራቃሉ። የሊፍቱ ግድግዳ በምዕራብ ጫፍ ነው። የኮንሴፕት ሪፖርቱን የጭነት መንገድና የጎን መረጋጋት ክፍል በዚሁ ሕንፃ እንጻፈው።

መጀመሪያ መሃል ያለ አንድ ኮለን ይምረጡና ከጣሪያ ጀምረው ወደታች ይውረዱ። ሶሌታው ለቢም፣ ቢሙ ለኮለን፣ ኮለኑ ለፉቲንግ፣ ፉቲንጉ ለአፈሩ ያስረክባል። የዚህ ኮለን ድርሻ 6 በ5፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ነው። ለጊዜው ከነንጣፉ፣ ከነብሎኬቱና ከነሰዉ በካሬ 1 ቶን ብንይዝ በየፎቁ 30 ቶን ይመጣል። አምስት ፎቅና የጣሪያው ሶሌታ ሲደመር 180 ቶን። ቁጥሩን ሪፖርቱ ላይ ያስፍሩት። አርክቴክቱ ሱቁን ለማስፋት ይህን ኮለን ምድር ላይ ቢያነሳው፣ 180ውን ቶን አንድ ቢም ሊሸከም ነው። ያኔ ነገሩ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ይታያል።

ዋናው ጉዳይ ግን የጎን ኃይሉ ነው። ብዙ ሪፖርት «ሕንፃው በፍሬምና በሽር ዎል ይረጋጋል» ብሎ ያልፋል። ይህ አይበቃም፤ ሽር ዎሉ፣ ማለትም የጎን ግፊቱን የሚመክተው የኮንክሪት ግድግዳ፣ የት እንደቆመ መነገር አለበት። ድሬዳዋ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊታለፍ አይችልም።

እስቲ እናስላው። 24 በ15 ሲባዛ በየወለሉ 360 ቶን፣ በስድስቱ ሶሌታ በጠቅላላው 2,160 ቶን ክብደት አለ። ለምሳሌ ያህል ከዚህ 10 በመቶው፣ ወደ 200 ቶን፣ በወርዱ በኩል ይግፋ እንበል። ትክክለኛውን መጠን የሚወስኑት ስታንዳርዱና የአፈር ምርመራው ናቸው። ግፊቱ የሚያርፈው በክብደቱ መሃል፣ ከጫፍ 12 ሜትር ላይ ነው። የሚመክተው ግን በዋናነት ከምዕራብ ጫፍ 3 ሜትር ላይ ያለው የሊፍት ግድግዳ ነው። በመሃላቸው 9 ሜትር አለ። 200 በ9 ሲባዛ 1,800 ቶን ሜትር ጠማዛ ኃይል ይሆናል። ሕንፃው ልክ እንደ በር በማጠፊያው ላይ ይዞራል። ብዙ የሚንቀሳቀሱት የምሥራቅ ጫፍ ኮለኖች ናቸው፤ ቀድመው የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

መፍትሔው በምሥራቅ በኩል፣ ከጫፍ 3 ሜትር ላይ፣ ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ግድግዳ በወርዱ አቅጣጫ ማቆም ነው። የመከታው መሃል ወደ 12 ሜትር ይመለሳል። እንዲህም ሆኖ ስታንዳርዱ የርዝመቱን 5 በመቶ፣ 1.2 ሜትር፣ የክብደቱ መሃል ድንገተኛ ፈቀቅታ አስቡ ይላል። በርዝመቱ አቅጣጫም ይህንኑ ስሌት ይድገሙ።

አዲሱ ግድግዳ ሱቁ ውስጥ መውረዱ አይቀርም። ባለቤቱ «ምድር ላይ ይቅር፣ ከላይ ይጀምር» ሊሉ ይችላሉ። እሺ እንዳይሉ። ምድሩ ላይ መስታወት ብቻ፣ ከላይ ብሎኬትና ግድግዳ ከሆነ፣ መወዛወዙ በሙሉ ምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። ግድግዳው ከፉቲንግ እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ እንደሚሄድ ይጻፉ፤ በፕላኑም ላይ በቀይ ቀለም ያስምሩት። ሱቁ የት ጋ በር እንደሚኖረውም ከባለቤቱ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ።