ትንፋሽን የሚያስቸኩል ዜማ፦ ቤት ውስጥ ዮጋ ስንሠራ በሙዚቃ ምርጫ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ቅዳሜና እሑድን ከእኔ ጋር ለማሳለፍ ወደ ደሴ ስትወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን አብረን ዮጋ እንሠራለን። ከጥቂት ወራት በፊት «እታለም፣ ሌላው ሰው ሲጨርስ ቀለል ይለዋል፤ እኔ ግን ማሟሟቂያውን ስጨርስ እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና እተነፍሳለሁ» አለችኝ። እንቅስቃሴዋን ሳየው ስህተት አልነበረውም፤ ችግሩ ከስልኳ በሚወጣው ሙዚቃ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእርሷም፣ በራሴም፣ አብረውን በሚሠሩ ጎረቤቶችም ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እዚህ አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ።

ለስለስ ያለ ዜማ ሁሉ ዝግ ያለ ነው ብሎ ማመን

የእህቴ ሙዚቃ በክራር የተጫወቱት፣ ድምፁም ለጆሮ የሚመች ነበር። ሰዓት ይዘን ምቱን ስንቆጥረው ግን በደቂቃ 84 ሆነ። እርሷ በ4 ምት ትንፋሽ ታስገባለች፣ በ4 ምት ታወጣለች፤ አንድ ሙሉ ትንፋሽ 8 ምት ይወስዳል ማለት ነው። 84ን ለ8 ስናካፍለው በደቂቃ ከ10 በላይ ትንፋሽ ይወጣል። የባሰው ደግሞ መሐል ላይ ነበር፤ ከበሮው ሲገባ ምቱ ወደ 96 ከፍ ይላል፣ ትንፋሿም ሳታውቀው ወደ 12 ይደርሳል። የድምፅ ልስላሴና የምት ዝግታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጆሮ የሚሰማው ልስላሴውን ሲሆን ሰውነት የሚከተለው ግን ምቱን ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ዜማ ለማሟሟቂያ ከመምረጣችን በፊት ለ15 ሰከንድ ምቱን ቆጥረን በ4 ማባዛት ይገባል። ይህንንም መጀመሪያው ላይ፣ መሐሉ ላይና ወደ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ማድረግ አለብን፤ ምክንያቱም ተጫዋቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው በሚጫወቷቸው የባህል ዜማዎች ዘንድ እየቆዩ መፍጠን የተለመደ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ከተራራቁ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የራስን ትንፋሽ ሳይለኩ ለሙዚቃው መታዘዝ

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያመጣው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ዜማውን አስቀድሞ መርጦ ትንፋሹን ወደዚያ ይጎትታል፤ መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። መለኪያው ቀላል ነው። በእጅና በጉልበት ተንበርክከን፣ ትንፋሽ ስናስገባ ደረትን ከፍ ጀርባን ዝቅ፣ ስናወጣ ጀርባን ጎበጥ እያደረግን ያለ ምንም ሙዚቃ ሦስት ደቂቃ እንሠራለን። የመጀመሪያው ደቂቃ እስክንረጋጋ ነው፤ በሦስተኛው ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈስን እንቆጥራለን። የእህቴ ቁጥር 9 ወጣ።

ቁጥሩ ከታወቀ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው። 9 ትንፋሽ በ8 ምት ሲባዛ 72 ይሆናል፤ ስለዚህ ለእርሷ የሚሆናት በደቂቃ 72 አካባቢ የሚመታ ዜማ እንጂ 84 የሚመታው አልነበረም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ምንጣፍ ላይ ግን እጇ ሳይደርስ ትንፋሿ የሚያልቅባት መሆኑን ያቆመው ይህ ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ የወሎ ልጅ የሆነ ሰው የሚያስደስተውን አንድ ነገር ልጨምር። ከአገራችን ዝግ ያሉ ዜማዎች መካከል ብዙዎቹ በአራት በአራት ሳይሆን በሦስት በሦስት የሚቆጠሩ ናቸው። በሦስት የሚቆጠር፣ በደቂቃ 54 የሚመታ ዜማ ካገኘን፣ ማሟሟቂያው ላይ በ3 ምት አስገብተን በ3 ምት ብናወጣ በደቂቃ 9 ትንፋሽ ይሆናል። ሰውነት ከሞቀና ከረጋ በኋላ ደግሞ ዜማውን ሳንለውጥ በ3 ምት አስገብተን በ6 ምት ብናወጣ ትንፋሹ ወደ 6 ይወርዳል። አንድ ዜማ ለሁለት ደረጃ ያገለግላል፤ የሚረዝመውም የማውጫው ጊዜ ስለሆነ ሰውነት ቀስ እያለ ወደ ዕረፍት ያዘነብላል። በአራት የሚቆጠረውን ሙዚቃ ብቻ «የዮጋ ሙዚቃ» አድርገው የሚይዙ ሰዎች ይህን በር ሳይከፍቱት ያልፋሉ። ሲቆጥሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የክራሩን እያንዳንዱን ግርፍ የሚቆጥርና ትልቁን ምት ብቻ የሚቆጥር ሰው የተለያየ ቁጥር ያገኛሉ። ዜማውን ስንለካ የቆጠርነውን ያንኑ ምት ስንተነፍስም ልንቆጥር ይገባል።

ሙዚቃው እንዳልተስማማን ሰውነታችን በሁለት መንገድ ይነግረናል። መሐል ላይ ሳናስበው የምንቃትት፣ የምናዛጋ ወይም ምቱን ሳንጠብቅ ትንፋሽ የምንስብ ከሆነ፣ ዜማው ለእኛ ከሚገባው በላይ ዘግይቷል፤ አየር አጥሮናል። ራሳችንን ቀለል ካለን፣ ከንፈራችንና የጣቶቻችን ጫፍ ከነዘሩን ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ምቱን ለመሙላት ብለን ከሚያስፈልገን በላይ በጥልቀት እየተነፈስን ነው። በሁለተኛው ጊዜ ሙዚቃውን አጥፍቶ፣ ተቀምጦ፣ ትንፋሹ በራሱ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ምት ለመድረስ ብለው ትንፋሽ ይዘው መቆየት የለባቸውም።

የቦታውም ነገር አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። እህቴ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ባደረች ማግስት ስትለካ ቁጥሯ 9 ሳይሆን 10 ሆኖ አገኘነው። በዚያ ቀን የኮምቦልቻውን ቁጥር ለመጠበቅ መታገል ጥቅም የለውም፤ ትንሽ ፈጠን የሚል ዜማ መርጦ መሥራት ይሻላል።

በመጨረሻው ዕረፍት ላይም ምት መቁጠር

በጀርባ ተንጋለን፣ እጅና እግር ዘርግተን የምናርፍበት የመጨረሻው ክፍል፣ ሻቫሳና የሚባለው፣ ከማሟሟቂያው ተቃራኒ ሕግ አለው። ማሟሟቂያው ላይ ትንፋሽና ምት ይጣመራሉ፤ እዚህ ግን ትንፋሽ ከማንኛውም ትእዛዝ ነጻ መውጣት አለበት። በደቂቃ 54 የሚመታውን ያንኑ ዜማ ካስቀጠልን፣ ደረታችን ልማዱን ይዞ መቁጠሩን አይተውም። ስለዚህ የሚመረጠው ምት የሌለው ድምፅ ነው።

ብዙዎች ለዚህ ዋሽንትን ይመርጣሉ፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። የዋሽንት አንዱ ረጅም ዜማ የተጫዋቹ አንድ ትንፋሽ ነው። ተጫዋቹ ድምፁን ስቦ ሲያቆየው፣ አድማጩም ሳያውቀው ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ተጫዋቹ ሲተነፍስ ነው አብሮት የሚተነፍሰው። ይህን ለማወቅ ተንጋልሎ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ ይበቃል። ዋሽንቱ በረዘመ ቁጥር እጁ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ድምፁን መቀነስ ወይም ሌላ መምረጥ ይገባል።

ከዚህም የሚበልጠው ግን ጸጥታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ፈጣን ምት የአድማጮችን ትንፋሽና የልብ ምት ከፍ እንዳደረገ፣ በሙዚቃዎቹ መካከል የገባችው የ2 ደቂቃ ጸጥታ ግን ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበት በታች እንዳወረደቻቸው ተመዝግቧል። ጸጥታዋ ይህን ያደረገችው ሙዚቃን ተከትላ በመምጣቷ ነው። ስለዚህ ዕረፍቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በድምፅ መሙላት ዋናውን ጥቅም ማስቀረት ይሆናል።

ግጥሙን የምናውቀውን ዜማ መምረጥ

አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የአገራችን የቦታ ስሞች ናቸው፤ ትዝታም እዚህ እንደ ቤት ልጅ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ስህተቱ በእኛ ዘንድ የሚበረታው። ዜማው በመሣሪያ ብቻ ቢቀርብም፣ ግጥሙን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ከሆነ አእምሯችን ስንኙን ይሞላዋል። እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ተንጋልዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያገኘሁበት ቀን አለ፤ ግጥሙ ያስታወሰኝ ሰው ደግሞ በሕይወት የሌለ ስለነበር ዕረፍቱ ወደ ለቅሶ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ቅኝቱን መውደድ ይቻላል፤ በዚያው ቅኝት የተሠራ፣ ግጥም የማናውቅለት ጨዋታ መፈለግ ግን ይገባል።

በገናና መንዙማም ለዚህ መዋል የለባቸውም ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ዝግ ያሉ፣ ልብ የሚያሳርፉ ናቸው፤ ነገር ግን ጸሎትና ውዳሴ ናቸው። ለወገብ ማፍታቻ ማጀቢያ ማድረጋቸው አማኝ ጎረቤትን ያስከፋል፤ ለራስም ቢሆን ትኩረትን ከሰውነት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል።

ድምፁንና ስልኩን አለማዘጋጀት

የድምፁ መጠን ልክ የሚሆነው በአፍንጫ የሚወጣ የራሳችን ትንፋሽ ከሙዚቃው በላይ ሲሰማን ነው። ቆመን ያስተካከልነው ድምፅ ስንተኛ ስፒከሩ ጆሮአችን ሥር ስለሚሆን ይጮህብናል፤ በእግራችን በኩል ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል። ዜማዎቹን አስቀድሞ አውርዶ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ማድረግ ከማስታወቂያም ከጥሪም ያድናል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም መሐል ላይ አይቋረጥም።

እህቴ አሁን የምትሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። በደቂቃ 54 በሚመታው፣ በሦስት በሚቆጠር ዜማ 5 ደቂቃ በ3 እና በ3 ታሟሙቃለች፤ ከዚያ በዚያው ዜማ 3 ደቂቃ በ3 እና በ6 ትተነፍሳለች። ሌላውን እንቅስቃሴዋን ያለ ሙዚቃ ጨርሳ ስትንጋለል፣ በጣም ዝቅ ያለ፣ ምት የሌለው የ4 ደቂቃ ድምፅ ይጀምራል፤ መጨረሻው እየሳሳ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ 6 ደቂቃ ጸጥታ ነው። መነሻዋን የሚነግራት ደወል አይደለም፤ ስልኩ ምንጣፉ ጥግ ሥር ሆኖ ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ይንዘራል።