አናቱ ከርዳዳ፣ ማጅራቱ ለስላሳ፦ አንድ ጭንቅላት ላይ ሁለት ፀጉር ሲኖር የምንሠራቸው ስህተቶች

የማጅራቴ ፀጉር ውሃ ሲነካው ወዲያው ይተኛል። አናቴ ላይ ያለው ግን መጀመሪያ ጠብታውን ያንሸራትተዋል፣ እንደምንም ሲርስ ደግሞ ተኮማትሮ ግማሽ ያክላል። ለዓመታት ሁለቱንም በአንድ ቅባትና በአንድ አሠራር ስይዛቸው ኖርኩ። ውጤቱ ሁሌም ያው ነበር፤ ከላይ ደርቆ የቆመ፣ ከታች በቅባት የተለጠፈ። ጥፋቱ የፀጉሩ ይመስለኝ ነበር እንጂ የእጄ አይመስለኝም ነበር።

ጉዳቱን ተፈጥሮ ነው ብሎ ማለፍ

ከቅባት ምርጫ በፊት ይሄ ይጣራ። ፀጉር እንዴት እንደሚጠቀለል በዋናነት የሚወስነው ከቆዳ ሥር የሚበቅልበት ቀዳዳ ቅርጽ ነው፣ ያ ቅርጽ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ፀጉር መኖሩ ምንም ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው «ለስላሳ» ያላችሁት የማጅራት ፀጉር በእውነት ለስላሳ ሳይሆን፣ በፔስትራ ወይም በሪላክሰር ጥቅልሉ የጠፋበት ሲሆን ነው።

መለያው ቀላል ነው። ፀጉሩን በሻምፖ ታጠቡና ምንም ሳትቀቡ በራሱ ይድረቅ። ከዚያ ከአናትም ከማጅራትም አንዳንድ ዘለላ ይዛችሁ ከሥሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ተመልከቱ። የማጅራቱ ሥር እንደ አናቱ የሚጠቀለል ከሆነና ጫፉ ብቻ ከተዘረጋ ጉዳት ነው። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ተፈጥሯችሁ ነው። የተጎዳውን የሚመልስ ክሬም የለም፣ ማንም ምንም ቢላችሁ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ያለው አማራጭ አዲሱን እያሳደጉ አሮጌውን ቀስ በቀስ መቁረጥ ነው።

የአናቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ያለው ፀጉር ከርዳዳ ብቻ ሳይሆን እየሳሳና እያጠረ ከሄደ፣ ቆዳውም ካቃጠላችሁ ወይም ሲነካ ካመማችሁ፣ የቅባት ጥያቄ አይደለም። ከአናት ጀምሮ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ ጠባሳ የሚተው የፀጉር መመለጥ አለ። ጠባሳ የሆነው ቦታ ላይ ፀጉር ተመልሶ ስለማይበቅል ቶሎ የቆዳ ሐኪም ማየት ነው።

ከማጅራት መጀመር

አብዛኞቻችን ፀጉር ስንከፍል ከኋላ እንጀምራለን፣ እጃችን ለምዶታል። ለሹሩባ ችግር የለውም። ኮንዲሽነር ለመቀባትና ለማፍታታት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም ቆይታ የማይፈልገው ማጅራት ቀድሞ ተቀብቶ ሲቆይ፣ የሚጠማው አናት ላይ ስንደርስ ውሃው ደርቋል፣ ክንዳችን ዝሏል፣ ትዕግሥታችንም አልቋል። ከዚያ ሚዶውን ከሥር ወደ ጫፍ እንጎትታለን። የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው።

አናቱን አስቀድሙ። ሻምፖው እንደታጠበ፣ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ፣ አናቱን አራት ቦታ ክፈሉና ኮንዲሽነሩን በደንብ ቀቡት። በፕላስቲክ ኮፍያ ሸፍናችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት፤ ሙቀቱ ይረዳል። ማጅራቱን የምትቀቡት ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ እሱም ከመሀል ወደ ጫፍ ብቻ። ስታፍታቱ በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ፣ ሁልጊዜም ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። መሀል ላይ ከደረቀባችሁ ውሃ እርጩበት እንጂ አትታገሉት።

ቅባቱን እኩል ማካፈል

ቀጭን ዘለላ ትንሽ ቅባት ይበቃዋል። ከባድ ቅቤ ሲበዛበት ይለጠፋል፣ ሰው ደግሞ «ደረቀ» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል። ለማጅራቱ ሳይታጠብ የሚቀር ቀለል ያለ ኮንዲሽነር፣ አተር የምታክል፣ ይበቃል። ክሬሙና ዘይቱ ለአናቱ ይሁን፣ ያውም ፀጉሩ እርጥብ ሳለ። እጃችሁ ላይ የቀረውን ማጅራቱ ላይ ማበስ ከፈለጋችሁ አብሱ፣ አዲስ ግን አትጨምሩ።

ሁሉንም በአንድ ውፍረት መጠምዘዝ

እኔን በጣም ያሰቃየኝ ይሄ ነው። ማታ ላይ ጭንቅላቴን ሙሉ እኩል እኩል አድርጌ ትዊስት እጠመዝዝ ነበር። ጠዋት ስነሳ የማጅራቱ ግማሹ ትራስ ላይ ተፈትቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የአናቱ ደግሞ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ስፈታው ወዲያው ተኮማትሮ ይንጨባረራል። ከኋላ የሚያየኝ ሰው ሁለት ሴቶች ተቀጣጥለው የቆሙ ሳይመስለው አይቀርም።

ፀጉር የሚይዘው የደረቀበትን ቅርጽ ነው። ውሃ በዘለላው ውስጥ ያሉትን ደካማ ማያያዣዎች ያላላቸዋል፣ ሲደርቅ እንደገና ይተሳሰራሉ። ሳይደርቅ ከተፈታ የሚተሳሰሩት በተኮማተረበት ቅርጽ ነው ማለት ነው። ቀጭንና ወፍራም ጥምዝ ደግሞ የተለያየ ነገር ይሰጣሉ፤ ቀጭኑ ጠበቅ ያለ ጥቅልል፣ ወፍራሙ ዘርጋ ያለ። ታዲያ ሁለቱ እንዲመሳሰሉ ከተፈለገ ጠባቡን መዘርጋት፣ ልሉን ማጥበቅ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አናቱን ስድስት ወፈር ያሉ ጉንጉኖች አደርገዋለሁ፣ ትዊስት ሳይሆን ባለ ሦስት ዘለላ ጉንጉን፣ ምክንያቱም ከትዊስት የበለጠ ይዘረጋል። ማጅራቱን ስምንት ቀጫጭን ትዊስት አድርጌ ትንሽ ጄል እቀባና ጫፋቸውን በቀጭን ቢጎዲን እጠቀልላለሁ፤ ያለዚያ ጠዋት ድረስ አይቆይልኝም። አናቱ ስለሚዘገይ ካስክ ውስጥ በመካከለኛ ሙቀት አደርቀዋለሁ። መድረቁን የማውቀው አንዱን ጉንጉን መሀሉን ፈልቀቅ አድርጌ ስነካው ነው። ከቀዘቀዘኝ ውስጡ እርጥብ ነው፣ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ የምፈታው ማጅራቱን ነው፣ አናቱ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል።

ፍጹም አንድ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ከቅርብ ያየ ልዩነቱን ያያል። እርጥበት ያለበት አየር ላይ ከዋልኩ ደግሞ አናቱ ቀድሞ ይመለሳል፣ ያን ቀን ወደ ላይ አስሬው እገላገላለሁ።

ስትጎነጉኑ ማጅራቱን አታጥብቁት። ቀጭን ፀጉር ስለሚያዳልጥ እጃችን ሳይታወቀን ይጎትታል። ቆዳው ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ካበጠ ወይም ስትተኙ ካመማችሁ ጠብቋልና ያኔውኑ ፍቱት።

አንድ ሙቀት ለሁሉም

ፔስትራው ላይ ለአናቱ ባስቀመጣችሁት ሙቀት ማጅራቱን አትንኩት። ማጅራቱን ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሩ። አናቱ ወደ 180 ሊፈልግ ይችላል፣ ከ200 በላይ ግን የትኛውንም አታውጡት። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ከሙቀት መከላከያ ጋር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍበት። ሪላክሰር የምትጠቀሙ ከሆነ ማጅራቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው፤ ቀድሞ ከተቀባ አናቱ እስኪደርስ ይቃጠላል። የሚቀባውም አዲስ ባደገው ሥር ላይ ብቻ ነው።

በእርጥቡ መቁረጥ

እርጥብ ሳለ እኩል የተቆረጠ ፀጉር ሲደርቅ አናቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ማጅራቱ ጅራት ሆኖ ይቀራል። አንዴ ደርሶብኝ ሦስት ወር አስሬው ከረምኩ። ሁልጊዜ ተዘርግቶ የሚለበስ ከሆነ ዘርግታችሁ ቁረጡት፣ ጥቅልሉን የምትለብሱት ከሆነ ግን በደረቁ፣ እንደወትሮው ተሠርቶ እያለ ይቆረጥ።