ኢንሱሊን ለጀመራችሁ፦ ሆዳችሁን በጣት ዳስሱ

ኢንሱሊን የምትወጉበትን ቦታ በጣት ዳስሱት። የጠጠረ ወይም ያበጠ ካለ እዚያ አትውጉ። ብዙ ሰው ስለማያመው ያንኑ ቦታ ይመርጣል፤ ግን መድኃኒቱ ከዚያ በአግባቡ ስለማይሰራጭ ስኳሩ ይዋዥቃል። ሆዳችሁን አራት ቦታ ክፈሉ። በየሳምንቱ አንዱን ተጠቀሙ፤ በወጋችሁ ቁጥር ካለፈው ቦታ አንድ ጣት ያህል፣ ከእምብርት ደግሞ ሁለት ጣት ራቁ። ካበጠው ወደ ጤነኛ ቦታ ስትዛወሩ ስኳር ሊወርድ ይችላልና ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

አንዱ መርፌ ሲደጋገም ይደንዛል፣ እብጠቱንም ያባብሳል። በወጋችሁ ቁጥር መርፌውን መቀየሩ ነው ትክክሉ። ፔንም መርፌም ለሌላ ሰው በፍጹም አታውሱ።

የተጀመረ ፔን መርፌው ተነቅሎ፣ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። አብዛኛው 28 ቀን ያገለግላል፤ የእናንተን ከወረቀቱ አረጋግጡ። በአዳማ ሙቀት ፍሪጅ ከሌለ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውጩ በውሃ በራሰ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ አኑሩት።