ከስኳት ስትነሱ ዳሌ ቀድሞ የሚሻቀብበት ምክንያትና መፍትሄው

ምልክቱ

ባር ትከሻችሁ ላይ ተሸክማችሁ ስኳት ስትሠሩ፣ ማለትም ቁጢጥ ብላችሁ ስትነሱ፣ እስከ ታች በደንብ ትወርዳላችሁ። መነሳት ስትጀምሩ ግን ዳሌያችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሻቀባል፣ ደረታችሁ ወደ ፊት ይደፋል፣ ባሩ ገና ምንም ያህል አልተነሳም። የቀረውን መንገድ የምትጨርሱት በወገባችሁ ነው። በማግስቱም የሚያማችሁ የፊት ጭን ሳይሆን የታችኛው ጀርባ ነው።

ምክንያቱ

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ደረትህን ቀና አድርግ» የሚል ነው። ደረቱ የደፋው ግን ዳሌው ስለሸሸ ነው፤ ስለዚህ ምክሩ ውጤቱን እንጂ መነሻውን አይነካም።

ከባሩ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር አስቡ። ሚዛናችሁን ከጠበቃችሁ መስመሩ በእግራችሁ መሃል ያልፋል። ከዚህ መስመር እስከ ጉልበት ያለው አግድም ርቀት የጉልበት ሞመንት አርም ነው፣ እስከ ዳሌ ያለው ደግሞ የዳሌ። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በዚያ መገጣጠሚያ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች የበለጠ ይለፋሉ።

ጭኑ 42 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው 80 ኪሎ ተሸክሞ ጭኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን ወርዷል እንበል። ከጎን ሲታይ ከጉልበት እስከ ዳሌ ያለው አግድም ርቀት ሙሉው 42 ነው፤ መስመሩም ለሁለት ይከፍለዋል። ጉልበቱ ከመስመሩ 16 ሴንቲሜትር ከቀደመ ዳሌው 26 ወደ ኋላ ይቀራል። የሰውየውን ክብደት ትተን ባሩን ብቻ ብናሰላ (ወደ 785 ኒውተን ነው) ይህ ኃይል በየርቀቱ ሲባዛ ጉልበት ላይ 126፣ ዳሌ ላይ 204 ኒውተን ሜትር ይመጣል። ሁለቱ እግሮች ይካፈሉታል።

በመነሳት ላይ ጭኑ ከትይዩ 20 ዲግሪ ከፍ ሲል አግድም ርቀቱ ወደ 39 ይጠባል። ጉልበቱ 15 ላይ ቢቆይ ዳሌው 24 ነበር፣ ማለትም 188 ኒውተን ሜትር። የኛ ሰው ግን ጉልበቱን ወደ 9 ስቧል፣ ስለዚህ ዳሌው 30 ሆኗል። ጉልበቱ ላይ ያለው ወደ 71 ሲወርድ ዳሌው ላይ ያለው 236 ደርሷል። መቅለል በነበረበት ሰዓት ዳሌው ከታች ከነበረው የበለጠ ከበደው። የፊት ጭን ጡንቻው የድርሻውን መሸከም ሲያቅተው ሰውነቱ ሸክሙን ወደ መቀመጫና ወደ ጀርባ ጡንቻዎች አሻገረው ማለት ነው።

መፍትሄው

መጀመሪያ ምንጩን ለዩ። ስልካችሁን በዳሌ ቁመት ከጎን አቁሙና ቅረጹ፤ መነሳት በጀመራችሁ ቅጽበት ጉልበታችሁ ወደ ኋላ መሸሹን እዩ። ከዚያ ክብደቱን በሩብ ያህል ቀንሱ። ሽሽቱ ከጠፋ ችግሩ የፊት ጭን አቅም ነው። በባዶ ባርም ካለ ተረከዛችሁ ሥር 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ አድርጉ፤ በዚህ ከተስተካከለ ቁርጭምጭሚታችሁ ስለማይታጠፍ ጉልበቱ ወደ ፊት መሄጃ አጥቶ ነበር። ከፍታውም ካልረዳ የለመዳችሁት አነሳስ ነው፤ በቀላል ክብደት ጉልበቱን ባለበት እያቆያችሁ መነሳትን ተለማመዱ።

የአቅም ችግር ከሆነ በቀነሰው ክብደት ታች ሁለት ሰከንድ እየቆማችሁ ሥሩ፣ ስትነሱም ዳሌና ትከሻ አብረው ይነሱ። ባሩን ከፊት ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ስኳትም ይረዳል፤ ደረቱ ሲደፋ ባሩ ስለሚወድቅ ማምለጫ አይሰጥም።

የእግር ስፋት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ እዚህ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጭኑ ወደ ውጭ 30 ዲግሪ ሲዞር ከጎን የሚታየው ርቀት ከ42 ወደ 36 ያጥራል። ጥያቄው የቀነሰው 6 ሴንቲሜትር ከማን ላይ እንደሚነሳ ነው። ጉልበቱን እንደበፊቱ 16 ካስኬዳችሁት ዳሌው 20 ይሆናል፣ ደረቱም ቀና ይላል። ብዙ ሰው ግን እግሩን ሲያሰፋ ቅልጥሙን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ያኔ ጉልበቱ 10 ይሆንና ዳሌው እዚያው 26 ላይ ይቀራል። ጉልበቱ ቀለለው እንጂ ዳሌው ምንም አላተረፈም።

ለዚህ ችግር እግራችሁን የምታሰፉ ከሆነ በየጎኑ አንድ የእግር ወርድ ያህል ይበቃል። ጣቶቻችሁን ወደ ውጭ አዙሩ፣ ጉልበቱም በጣቶቹ አቅጣጫ ወደ ፊት ይሂድ። በዚህ አቋም የጎን ቪዲዮ ብቻውን ያሳስታል፣ ምክንያቱም ጭኑ ራሱ አላጠረም፤ ከጎን የማይታየው ርቀት ወደ ግራና ቀኝ ዞሯል። ከፊትም ቅረጹ፦ ስትነሱ ጉልበቶቻችሁ ወደ ውስጥ ከወደቁ ስፋቱ አሁን ካላችሁ አቅም በላይ ነው። ብሽሽታችሁን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሕመም ከተሰማችሁም አጥብቡት፤ የዳሌ አጥንት ቅርጽ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለጓደኛችሁ የተስማማው ስፋት ለእናንተ ላይሆን ይችላል።