ብሬከሩ ወርዶም አርሲዲው ከቆረጠ ኒውትራሉን ይመርምሩ

ለገጣፎ በሚገኘው ቤታችን ያስገጠምነው አርሲዲ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ ቢበዛ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ክረምት ላይ ደጋግሞ ይቆርጥ ነበር። ቴስት የሚለው ቁልፍ ሲጫኑት ወዲያው ስለቆረጠ መሣሪያው እንደሚሠራ አወቅን፤ ነገር ግን ቁልፉ ፍሳሹን የሚፈጥረው በራሱ ሬዚስተር ስለሆነ የቤቱ የመሬት ሽቦ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም።

ብሬከሮቹን ሁሉ አውርደን አንድ በአንድ ስንመልስ፣ የምጣዱ ብሬከር እንደወረደ እያለ እንኳ ምድጃው ሲበራ አርሲዲው ቆረጠ። ምክንያቱ የተለመደው ነጠላ ብሬከር ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን፣ ብቻ የሚቆርጥ መሆኑ ነው፤ በምጣዱ ውስጥ የመመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ከብረት አካሉ ጋር ተነካክቶ ስለነበር፣ ከምድጃው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በከፊል በመሬት ሽቦው በኩል ያልፍ ነበር። ምጣዱን ከሶኬት ስንነቅለው ችግሩ ቆመ።

ሁሉም ዕቃ ተነቅሎ ከቀጠለ፣ ባለሙያ ዋናውን አጥፍቶ ኒውትራሎቹን በየተራ በመፍታት ይለካ። ሲገጠምም ከአርሲዲው በኋላ ያለው ኒውትራል ከመሬት ሽቦም ሆነ ከሌላ አርሲዲ ኒውትራል ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ ያስጠንቅቁት።