በጀርመንኛ የተጻፈ የክፍል ሰሌዳ በፎቶ ሲመጣ እንዴት ይተረጎማል?

ጀርመን አገር የነርሲንግ ሙያ ከሚማር የጅማ ልጅ የሰሌዳ ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል። መምህሩ በጥድፊያ ስለጻፉት አብዛኛው ምህጻረ ቃል፣ ቀስትና ቁጥር ነው። ጅማ ሆኖ የሚተረጉመው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ አባል ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጀርመንኛ ተምሯል፣ የሕክምናውን ቃል ግን በእንግሊዝኛ ነው የለመደው። የሚያሳስተውም ይኸው ልምዱ ነው። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይከፍታል። የሚያውቀው የመሰለውን ምህጻረ ቃል ግን ሳይጠራጠር ያልፈዋል።

አሠራሩን ለማሳየት ስለ አንድ የልብ ሕመም ከሚሰጥ ትምህርት የተወሰደ ቢሆን ይህን የሚመስል ሰሌዳ እንውሰድ፦

```
HI
• Sympt.: Dyspnoe, Ödeme bds. US
• RR ↓   HF ↑   (8 – 14 – 20 h)
• tgl. wiegen! > 2 kg / 3 d → Arzt
• Trinkmenge 1,5 l/d n. AO
• OK hoch 30°
• Diuretika → K⁺ ↓
```

1. ፎቶውን በደንብ ያስልኩ

ተማሪው ምስሉን እንደ ተራ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ጎላ አድርገው ሊያዩት ሲሞክሩ ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ የማያያዣ ምልክቱን ነክቶ «File» በሚለው በኩል እንዲልክ ይንገሩት። ፋይሉ ከበድ ስለሚል ለማውረድ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አንድ ጊዜ በትክክል ማውረድ አምስት ጊዜ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጻፍ ይሻላል።

ሰሌዳውን ፊት ለፊት ቆሞ በፍላሽ ሲያነሱት መሐሉ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ያርፋል። ፍላሹን አጥፍቶ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል ይጠፋል። አንድ ፎቶ ሙሉውን ሰሌዳ፣ ሁለት ፎቶ ደግሞ ግራና ቀኙን በቅርበት ይያዝ። ከማንሳቱ በፊት መምህሩን ያስፈቅድ፤ የበሽተኛ ስም ሰሌዳው ላይ ካለ ደግሞ ሸፍኖ ይላክ።

2. ሳይተረጉሙ መጀመሪያ ይገልብጡ

ፎቶውን እያዩ ቀጥታ አማርኛ መጻፍ አይጀምሩ። ጀርመንኛውን ፊደል በፊደል፣ መስመር በመስመር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ እያንዳንዱን ነጥብም ቁጥር ይስጡት። ሳይገለበጥ የተተረጎመ ሰሌዳ ላይ አንድ ነጥብ ተዘልሎ ቢቀር ማንም አያስተውለውም።

በዚህ ጊዜ የእጅ ጽሑፉን ይለዩ። ጀርመኖች 1 ቁጥርን ሲጽፉ ከፊቱ ረጅም ወደ ላይ የሚወጣ ጭረት ስለሚያደርጉ ለእኛ ዓይን 7 ይመስላል። የእነሱ 7 ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ አግድም መስመር አለው። በምሳሌያችን ያለው 1,5 ሊትር «7,5» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የሚጠራጠሩበትን ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ከተጻፈው ቀን ጋር ያስተያዩት፤ ቀኑ የታወቀ ስለሆነ የመምህሩ 1 ምን እንደሚመስል ያሳያል። ትርጉሙም ራሱ ይመሰክራል፤ ልቡ ለደከመ ሰው በቀን ሰባት ሊትር ተኩል የሚያጠጣ የለም።

ያልተነበበ ቦታ ካለ በግምት አይሙሉት፤ በቦታው [?] ያድርጉ።

3. ምህጻረ ቃሉን በጀርመንኛ ይፍቱ

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው። ምህጻረ ቃሉ መጀመሪያ ወደ ሙሉ የጀርመንኛ ቃል ይመለስ፤ አማርኛው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያውቁት ምህጻረ ቃል ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

RRን ይመልከቱ። በእንግሊዝኛ ለተማረ ሰው RR የትንፋሽ ቁጥር ነው። በጀርመን ሆስፒታል ግን RR የደም ግፊት ነው፤ ፊደሎቹ የመጡት በ1896 የግፊት መለኪያ ካስተዋወቀው ከጣሊያናዊው ሐኪም ከሪቫ ሮቺ ስም ነው። የትንፋሽ ቁጥር በጀርመንኛ AF ይባላል፤ እሱም በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር፣ የልብ ምት መዛባት ነው። HFም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ የልብ ድካም፣ በጀርመንኛ Herzfrequenz፣ ማለትም የልብ ምት ቁጥር።

ስህተቱ እንዴት ይታወቃል? ሰሌዳው ራሱ ይናገራል። ርዕሱ HI፣ ሲፈታ Herzinsuffizienz፣ ነው፤ የልብ ድካም ማለት ነው። ሕመሙ በHI ከተጻፈ በዚያው ሰሌዳ ላይ በHF ደግሞ አይጻፍም። RR ↓ን «ትንፋሹ ቀነሰ» ብለው ከተረጎሙም ከላይ ያለው Dyspnoe፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አይስማማም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው። ሁለት ነጥቦች እርስ በርስ ሲጣሉ አንዱ ምህጻረ ቃል በተሳሳተ መንገድ ተፈትቷል ማለት ነው።

OK ደግሞ «እሺ» ወይም «ደህና» አይደለም። Oberkörper ነው፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል። ከኋላው hoch እና 30° መኖሩ ይህን ያረጋግጣል። US አልትራሳውንድም ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ከፊቱ bds. አለ፣ beidseits፣ «በሁለቱም በኩል»። ግራና ቀኝ የሚባልለት የሰውነት ክፍል ነውና Unterschenkel፣ ከጉልበት በታች ያለው እግር ይሆናል። የቀሩት ቀላል ናቸው፦ tgl. «በየቀኑ»፣ d «ቀን»፣ n. AO «በሐኪም ትእዛዝ መሠረት»።

4. እያንዳንዱን ቀስት ለብቻው ይተርጉሙ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ሁለት ጊዜ አለ፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በ→ Arzt ላይ «ለሐኪም አሳውቅ» የሚል ትእዛዝ ነው። በDiuretika → K⁺ ↓ ላይ ግን ምክንያትና ውጤት ነው፤ ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ፖታሲየምን ያሳንሳል። ሁለቱንም «ወደ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለተኛውን ትርጉም ያጣዋል። ቀስቱን በግሥ መተካት ካልቻሉ አልገባዎትምና ተማሪውን ይጠይቁ፤ መምህሩ ሲጽፉ ምን እንዳሉ ክፍል የነበረው እሱ ነው።

5. ቁጥርና ሰዓት

ጀርመኖች ኮማን እኛ ነጥብ በምናደርግበት፣ ነጥብን ደግሞ እኛ ኮማ በምናደርግበት ያስቀምጣሉ። 1,5 l አንድ ሊትር ተኩል ነው። ስላይድ ላይ 1.500 ml ብሎ ቢያገኙ ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሚሊ ሊትር እንጂ አንድ ነጥብ አምስት አይደለም። በአማርኛው ላይ 1.5 ሊትር እና 1500 ሚሊ ሊትር ብለው ይጻፉ።

ሰዓቱ የእኛ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት አለበት። 8 – 14 – 20 በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 2፣ ከሰዓት በኋላ 8 እና የምሽቱ 2 ነው። ተርጓሚው ሳያስብ «8 ሰዓት» ቢል ተማሪው ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ያስባል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በጀርመን ሰዓት ስለሆነ 08:00፣ 14:00፣ 20:00 ተብሎ እንዳለ ይቀመጥለት፤ ወደ አገር ቤት ሰዓት መለወጥ ለእሱ ትርፉ መምታታት ነው። ቀኖችንም ወደ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አይለውጡ።

6. ነጥቡን ነጥብ አድርገው ያቆዩ

ሰሌዳው በስድስት ነጥብ ከመጣ በስድስት ነጥብ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለስ። አጭሩን ነጥብ ወደ ረጅም አንቀጽ መዘርዘር ተማሪው ሰሌዳውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን እንዳያነብ ያደርገዋል።

የጀርመንኛው wiegen አርእስተ ግሥ ነው፤ አማርኛውም «መመዘን» ብሎ ይቀበለዋል። ግን ፊደላችን ጥብቀትና ላላትን አያሳይም፤ «መመዘን» በላላ መ ሲነበብ ሌላውን መመዘን፣ በጠበቀ መ ሲነበብ ራስ መመዘን ነው። ነርሷ ትመዝነው ወይስ በሽተኛው ራሱ ይመዘን? «በሽተኛውን መመዘን» ብለው ተሳቢ ሲጨምሩ ጥርጣሬው ያበቃል። ሰሌዳው ላይ የሌለ፣ እርስዎ ያሟሉት ቃል ሁሉ ግን በማዕዘን ቅንፍ ይግባ፤ ተማሪው የመምህሩን ከእርስዎ መለየት አለበት።

ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል፦

የልብ ድካም (Herzinsuffizienz)
• ምልክቶች፦ የትንፋሽ ማጠር፣ የሁለቱም እግሮች እብጠት (ከጉልበት በታች)
• የደም ግፊት ዝቅ፣ የልብ ምት ከፍ (08:00፣ 14:00፣ 20:00 [ሲለካ])
• በየቀኑ [በሽተኛውን] መመዘን! በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ [ከጨመረ] ለሐኪም [ማሳወቅ]
• የሚጠጣ ፈሳሽ በቀን 1.5 ሊትር፣ በሐኪም ትእዛዝ መሠረት
• [ሲተኛ] ከወገብ በላይ ያለውን አካል 30° ከፍ ማድረግ
• ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ፖታሲየምን ያሳንሳል

«ከጨመረ» የተባለው በልብ ድካም ጊዜ ውሃ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀምና በጥቂት ቀን የሚመጣ የክብደት ጭማሪ ምልክቱ ስለሆነ ነው። ርዕሱ ላይ ጀርመንኛው አብሮ የቀረው ደግሞ አንዳንድ ሰው ድንገተኛውንም የልብ ሕመም «የልብ ድካም» ስለሚለው ነው። ፈተናው በጀርመንኛ ነውና ለሌሎቹም ዋና ዋና ቃላት ሙሉውን የጀርመንኛ ቃል ከጎናቸው ቢያስቀምጡለት ይጠቅመዋል።

7. ከትርጉሙ ጋር ጥያቄዎን ይላኩ

ትርጉሙን በፎቶ ሳይሆን ሊገለበጥ በሚችል ጽሑፍ ይላኩ፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይለጥፈዋል። ያልተረጋገጠውን ከሥር ለይተው፣ በነጥቡ ቁጥር እየጠሩ ይጠይቁ፦ «ሁለተኛው ላይ 8 – 14 – 20 ያለው የሚለካበት ሰዓት ነው? መምህሩ ምን አሉ?»

«አዎ እትዬ፣ የሚለካበት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሌላ ሰዓት ነው ብለውናል» የሚል መልስ ከመጣ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ያለውን ቅንፍ ያንሱና ሙሉውን ጽሑፍ እንደገና ይላኩለት፤ የድሮውን መልእክት ደግሞ ያጥፉት፣ ሁለት ትርጉም እጁ ላይ እንዳይቀር።